የዕለት ደረሰኝን በየምሽቱ በስልክ ፎቶ አንስቶ የማስቀመጥ አሠራር፦ ለየካ ባለሱቆች

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከሾላ ገበያ እስከ ኮተቤ፣ ከመገናኛ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከዚያም በላይ እስከ እንጦጦ ተዳፋት ድረስ ባሉ ሱቆች ውስጥ ደረሰኝ የሚቀመጠው በአብዛኛው በመሳቢያ፣ በብስኩት ካርቶን ወይም ግድግዳ ላይ በተመታ ሚስማር ነው። የሒሳብ ሠራተኛው በወሩ መጨረሻ ሲመጣ የሚረከበው ይህንኑ ክምር ስለሆነ፣ ከሥራ ጊዜው አብዛኛው የሚያልፈው በመደመርና በመቀነስ ሳይሆን የደበዘዘውን ጽሑፍ በማንበብ፣ ቀኑን በመገመትና «ይህ የምን ነበር?» እያለ ባለሱቁን በመጠየቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ያለው፣ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበና ሒሳቡን በወር አንድ ጊዜ በባለሙያ የሚያሠራ የሸቀጣ ሸቀጥ ባለሱቅ በየምሽቱ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ደረሰኞቹን በስልኩ እንዴት ፎቶ እንደሚያነሣ፣ እንዴት ቁጥር እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚያስቀምጥ ማሳየት ነው። ለታክሱ ያልተመዘገበ ባለሱቅም ስለ ታክስ የተነገረውን ትቶ ቀሪውን እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል።

ሥራው ለነገ የማይተላለፍበት ምክንያት

በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 መሠረት ነጋዴዎች እንዲጠቀሙበት የተደረገው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ፣ በተለምዶ ካሽ ሬጅስተር የሚባለው፣ ደረሰኙን የሚያትመው በቀለም ሳይሆን በሙቀት ነው። የደረሰኙ ወረቀት፣ ማለትም ቴርማል ወረቀት፣ ፊቱ ላይ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ስስ የኬሚካል ቅብ ያለው ሲሆን፣ የማተሚያው ጫፍ ፊደሉን በሙቀት እየነካ ያጠቁረዋል። በዚህም ምክንያት ወረቀቱ በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ይበላሻል፤ ፀሐይ፣ ዘይት፣ የላብ ቅባትና አንዳንድ የፕላስቲክ ከረጢቶች የጠቆረውን ፊደል ቀስ በቀስ ሲያደበዝዙት፣ ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚመታው የመኪና መስኮት ሥር መቀመጥ ደግሞ ነጩን ክፍል ጭምር ያጠቁረዋል። የምግብ ዘይት በእጅ እየቀዳ የሚሸጥ ባለሱቅ በቅባት ጣቱ የያዘው ደረሰኝ ወሩ ሳያልቅ ጣቱ ባረፈበት በኩል ሊነጣ ይችላል። በክረምት ወራት ጉምና ዝናብ በማይለየው በእንጦጦ ተዳፋት ላይ በሚገኝ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ደግሞ እርጥበቱ ራሱ ወረቀቱን ያለሰልሳል፤ የተደራረቡት ደረሰኞችም እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የማስታወስ ጉዳይ ነው። ለጫኝና አውራጅ የተከፈለ፣ ለጎረቤት ሱቅ በብድር የተሰጠ፣ ከመሳቢያ ወጥቶ ለቤት አስቤዛ የዋለ ገንዘብ ደረሰኝ ስለሌለው፣ በዕለቱ ማታ ካልተጻፈ በሳምንቱ መጨረሻ ማንም አያስታውሰውም። ፎቶ ማንሣቱ ባለሱቁን በየምሽቱ በወረቀቶቹና በመሳቢያው ፊት ስለሚያቆመው፣ የጎደለው ነገር ገና ትኩስ እያለ ይታወቃል። ከዚህ አንጻር ሲታይ የአሠራሩ ትልቁ ጥቅም ፎቶው ራሱ ሳይሆን ከፎቶው ጋር አብሮ የሚደረገው ቆጠራ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ወሰን ሊታወቅ ይገባል። ፎቶው የዋናውን ደረሰኝ ቦታ አይተካም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ የሒሳብ ሰነዶቹን የግብር ማስታወቂያው ከቀረበበት ጊዜ አንሥቶ ቢያንስ ለ5 ዓመት፣ የንግድ ሕጉ የሚያዘው ጊዜ ከዚህ ከረዘመም ለዚያን ያህል ጊዜ እንዲያቆይ ያስገድዳል። ስለዚህ ፎቶ ተነሥቷል ተብሎ ወረቀቱ አይጣልም፤ ፎቶው የሒሳብ ሠራተኛው የሚሠራበት ቅጂ ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ ለኦዲተር የሚቀርበው ማስረጃ ነው።

ከፎቶው በፊት፦ መሰብሰብ፣ መለየትና ቁጥር መስጠት

ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ፣ አንድ ባለ መስመር ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ የ12 ወራትና የጳጉሜን 13 ፖስታዎች፣ እንዲሁም ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ የሚጣልበት አንድ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ወይም ሣጥን ይበቃል። ከሁሉም በላይ ግዴታ የሚሆነው የመጨረሻው ነው፤ ደረሰኝ አንዱ በመሳቢያ፣ አንዱ በሸሚዝ ኪስ፣ አንዱ በሞተረኛው እጅ እየቀረ ማታ የሚደረገው ሥራ ምሉዕ ሊሆን አይችልም። በሱቁ ውስጥ የሚሠሩ የቤተሰብ አባላትና ተቀጣሪዎች ዕቃ ገዝተው ሲመለሱ ደረሰኙን ከዕቃው ቀድመው በሣጥኑ ውስጥ እንዲያስቀምጡ ማስለመድ ያስፈልጋል።

ምሽት ላይ ባለሱቁ በመጀመሪያ የዕለቱን ሽያጭ በመሣሪያው ይዘጋል። ይህ መዝጊያ ዜድ ሪፖርት ይባላል፤ መሣሪያው በዕለቱ የቆረጣቸውን ደረሰኞች ሁሉ ደምሮ ጠቅላላ ሽያጩንና በውስጡ ያለውን ታክስ የሚያትምበት የማጠቃለያ ወረቀት ነው። ከዚያ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን አውጥቶ በሦስት ይለየዋል፤ አንደኛው የግዢና የወጪ ደረሰኝ፣ ሁለተኛው ዜድ ሪፖርቱ፣ ሦስተኛው ደግሞ ደረሰኝ ለሌላቸው ወጪዎች ባለሱቁ ራሱ የሚጽፈው ማስታወሻ ነው። የባንክ ማስተላለፊያና የቴሌብር መልእክት ወረቀት ስለሌለው በዚሁ ሰዓት ከስልኩ ላይ የስክሪን ፎቶ ይነሣል።

እያንዳንዱ ወረቀት በዕለቱ ቅደም ተከተል ከ01 ጀምሮ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ የሚጻፈው በወረቀቱ ጥግ ባዶ ቦታ ላይ፣ የታተመውን ፊደል ሳይነካ፣ በተራ እስክርቢቶ ወይም በእርሳስ ነው፤ ማርከርና ማድመቂያ ቀለም በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ የቴርማል ወረቀቱን ቅብ ስለሚነካው ጽሑፉን ሊያጠፋ ወይም ሊያጠቁር ይችላል። ግልጽ ፕላስተር በፊደሉ ላይ መለጠፍም በተመሳሳይ ምክንያት አይመከርም። የተቀደደ ደረሰኝ መጠገን ካለበት ከጀርባው በኩል ይጠገን።

ከጅምላ ሻጭ የሚመጣ ግዢ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወረቀት አለው። አንዱ ከመሣሪያው የወጣው ትንሹ ደረሰኝ ሲሆን፣ ሌላው በነጋዴው ዘንድ አታችመንት የሚባለው፣ የዕቃው ዝርዝር፣ ብዛትና ነጠላ ዋጋ የሚጻፍበት ትልቁ ወረቀት ነው። ሁለቱ በስቴፕለር ተያይዘው የሚመጡ ስለሆነ ሽቦው የደረሰኙን ቁጥር ወይም ቀኑን የሸፈነ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ከሸፈነ ሽቦው በጥንቃቄ ተነቅሎ ሁለቱ ጎን ለጎን ተዘርግተው ፎቶ ከተነሡ በኋላ በሌላ ጥግ እንደገና ይያያዛሉ። ለየብቻ የሚነሡ ከሆነም ሁለቱም አንድ ቁጥር ይዘው፣ ለምሳሌ 01ሀ እና 01ለ ተብለው፣ ዝምድናቸው እንዳይጠፋ ይደረጋል።

የቀን አጻጻፍ፦ ብዙ ስሕተት የሚፈጠርበት ቦታ

በኢትዮጵያ የሚሠራ ባለሱቅ በአንድ ምሽት የሚይዛቸው ወረቀቶች በሁለት የዘመን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው በ24 ሰዓት ስሌት ያትማል፤ በእጅ የሚጻፈው ደረሰኝና የዕቃ ማስረከቢያ ግን ብዙውን ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋል። ስልኩም በበኩሉ ፎቶውን በፈረንጅ ቀን ይሰይማል። ጥቅምት 15 ቀን 2018 ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10 ላይ የተቆረጠ ደረሰኝ በመሣሪያው ላይ 25/10/2025 እና 20:10 ሆኖ ሲወጣ፣ በዚያው ዕለት በእጅ የተጻፈው ደግሞ 15/02/18 ይላል። እነዚህ ሁለት ወረቀቶች የአንድ ቀን መሆናቸውን በዕለቱ ማታ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን 10 የሚለውን ቁጥር አይቶ ደረሰኙን በአሥረኛው ወር፣ በሰኔ ፖስታ ውስጥ የሚከት ሰው አይጠፋም። ወሩ የተሳሳተ ደረሰኝ ደግሞ ታክሱ በተሳሳተ ወር ማስታወቂያ እንዲቀርብ ምክንያት ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባለሱቁ ለእያንዳንዱ ምሽት ጣት በሚያህል ስፋት የተቆረጠ ነጭ ወረቀት ወስዶ፣ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከትልቅ ወደ ትንሽ ይጽፍበታል፤ ከላይ ለተጠቀሰው ዕለት 2018-02-15 ማለት ነው። ይህን ቁራጭ ወረቀት ፎቶ በሚነሣው በእያንዳንዱ ደረሰኝ ጎን ያስቀምጠዋል፤ በደረሰኙ ጥግ የተጻፈው ተራ ቁጥርም አብሮ ስለሚታይ እያንዳንዱ ፎቶ የራሱን አድራሻ በምስሉ ውስጥ ይዞ ይቀራል። ፋይሉን በስልኩ ላይ እየከፈቱ አንድ በአንድ ስም መለወጥ አድካሚ ከመሆኑም በላይ ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ሲላክ ስሙ ሊለወጥ ይችላል፤ በምስሉ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ግን የትም ቢሄድ አይለወጥም።

ዓመት ከፊት፣ ቀን ከኋላ የሚጻፍበት ምክንያት ስልኩም ሆነ ኮምፒውተሩ ስሞችን ከግራ ወደ ቀኝ እያነበበ ስለሚደረድር ነው። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በመሆኑ፣ የ2018 የግብር ዓመት የሚጀምረው በሐምሌ 2017 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው አቃፊ፣ ማለትም ፎቶዎቹ የሚሰበሰቡበት አልበም፣ 2017-11 ተብሎ ይሰየማል፤ ሐምሌ አሥራ አንደኛው ወር ነውና። ነሐሴ 2017-12፣ ጳጉሜን 2017-13፣ መስከረም 2018-01 እያለ ሄዶ በሰኔ፣ በ2018-10 ይጨርሳል። በዚህ መንገድ የተሰየሙ አቃፊዎች ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ በግብር ዓመቱ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። የጳጉሜን ቀናት ጥቂት ስለሆኑ ከነሐሴ ጋር ተቀላቅለው ሊረሱ ስለሚችሉ የራሳቸው አቃፊና ፖስታ ቢኖራቸው ይሻላል፤ ሒሳቡ ከየትኛው ወር ማስታወቂያ ጋር እንደሚቀርብ መወሰን የሒሳብ ሠራተኛው ድርሻ ነው።

ፎቶ ማንሣት

ደረሰኙ የሚዘረጋው በጠፍጣፋና ጠቆር ባለ ነገር ላይ ነው። ነጭ ወረቀት በነጭ ጠረጴዛ ላይ ሲነሣ ጠርዙ አይለይም፤ ጥቁር ወይም ቡናማ ካርቶን ግን ወረቀቱን አጉልቶ ያሳያል። የታጠፈ ደረሰኝ በእጅ ተዳምጦ ይቃናል፣ በጋለ ነገር ግን ፈጽሞ አይተኮስም። ብርሃኑ ከጎን ቢመጣ ይመረጣል፤ አምፖሉ በቀጥታ ከባለሱቁ ጀርባ ከሆነ የስልኩና የእጁ ጥላ በወረቀቱ ላይ ያርፋል። የስልኩን ፍላሽ መጠቀም አያስፈልግም፤ የቴርማል ወረቀት ፊት ስለሚያንጸባርቅ ፍላሹ በመካከሉ ነጭ ነጥብ ይፈጥርና ብዙ ጊዜ ዋጋውን ይሸፍነዋል። መብራት በጠፋ ምሽት የሌላ ሰው ስልክ መብራት ከጎን፣ ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ወደ ጣሪያው ዞሮ ቢበራ ብርሃኑ ተበትኖ ስለሚመለስ ፎቶው ጥርት ብሎ ይወጣል። ይህም ካልተቻለ ቁጥሩ ማታ ተሰጥቶ፣ ደብተሩ ማታ ተጽፎ፣ ፎቶው ብቻ ሱቁ ሲከፈት ጠዋት በበሩ ብርሃን ሊነሣ ይችላል፤ ቆጠራው ግን አይታለፍም።

ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ደረሰኙ የስክሪኑን አብዛኛውን ክፍል እስኪሞላ ድረስ ተጠግቶ ይያዛል። በአንድ ፎቶ ብዙ ደረሰኝ ደርድሮ ማንሣት ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም፣ ፊደሉ ስለሚያንስ ለሒሳብ ሠራተኛው ጥቅም አይኖረውም። ዝርዝሩ የበዛ ረጅም ደረሰኝ በሁለት ፎቶ ይነሣል፤ በመጀመሪያው ፎቶ ግርጌ የታዩት ሁለት ወይም ሦስት መስመሮች በሁለተኛው ፎቶ አናት ላይ መደገም ይገባቸዋል፣ አለዚያ በመካከል የተዘለለ መስመር መኖሩና አለመኖሩ አይታወቅም።

ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ምስሉን በሁለት ጣት አጉልቶ ማየት የሥራው ክፍል ነው። መነበብ ያለባቸው አምስት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም የሻጩ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በተለምዶ ቲን ቁጥር የሚባለው ባለ 10 አኃዝ ቁጥር፤ ቀኑ፤ ኤፍኤስ ቁጥር፣ ማለትም መሣሪያው ለእያንዳንዱ ደረሰኝ በተራ የሚሰጠው ቁጥር፤ የታክሱ መጠን፤ ጠቅላላ ዋጋው ናቸው። በተለይ 3 እና 8፣ 5 እና 6 የሚመሳሰሉ ከሆነ ፎቶው ይደገማል። በዚሁ አጋጣሚ የገዢው፣ ማለትም የራሱ የባለሱቁ፣ ስምና ቲን ቁጥር በግዢው ደረሰኝ ላይ በትክክል መውጣቱን ማየት ይገባል፤ የራሱ መለያ ቁጥር የሌለበትን ወይም የተሳሳተበትን ደረሰኝ ይዞ የከፈለውን ታክስ እንዲቀነስለት መጠየቅ ያስቸግረዋል። ስሕተቱ በዕለቱ ከታየ ሻጩ ጋር ተመልሶ ማስተካከል ይቻላል፤ በወሩ መጨረሻ ከታየ ግን ሻጩ ወሩን ዘግቷል።

የአንድ ምሽት ሥራ በምሳሌ

አሠራሩ በተግባር እንዴት እንደሚሄድ ለማየት በሾላ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ በምሳሌነት ይወሰድ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ነው። ባለሱቁ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት በመሳቢያው 500 ብር ዝርዝር አስቀምጧል። ረፋድ ላይ ከጅምላ ሻጭ ሳሙናና ብስኩት በ10,000 ብር ገዝቶ፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ 1,500 ብር ታክሎበት በድምሩ 11,500 ብር በባንክ አስተላልፏል። ዕቃውን ተሸክመው ላስገቡት ሠራተኞች ከመሳቢያው 350 ብር በእጅ ከፍሏል፤ ደረሰኝ የለውም።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ዜድ ሪፖርቱ ሲወጣ የዕለቱ ሽያጭ ከነታክሱ 9,200 ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 8,000 ብሩ የዕቃው ዋጋ፣ 1,200 ብሩ ታክስ ነው። በስልኩ የገቡት የቴሌብር መልእክቶች ሲደመሩ 2,700 ብር ስለሆኑ፣ በጥሬ ገንዘብ የተሸጠው 6,500 ብር መሆን አለበት። ባለሱቁ ቀኑ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት አስቀምጦ የጅምላውን ደረሰኝ ከነአታችመንቱ 01 ብሎ ፎቶ ያነሣል፤ የባንክ ማስተላለፊያውን የስክሪን ፎቶ በደብተሩ ላይ በ01 ሥር ይመዘግበዋል። ለተሸካሚዎቹ የተከፈለውን በአንድ ወረቀት ላይ «ለዕቃ ማስገቢያ 350 ብር» ብሎ ጽፎ፣ ተቀባዩ ከፈረመ አስፈርሞ፣ 02 ይለዋል። ይህ ማስታወሻ የመሳቢያውን ሒሳብ ለማስታረቅ ያገለግላል እንጂ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በወጪነት ላይቀበለው እንደሚችል መታወቅ አለበት። ዜድ ሪፖርቱ 03 ይሆናል።

አሁን ቆጠራው ይመጣል። ጠዋት ከነበረው 500 ብር ላይ የጥሬ ገንዘቡ ሽያጭ 6,500 ብር ሲደመር 7,000 ብር ይሆናል፤ ለተሸካሚዎች የወጣው 350 ብር ሲቀነስ በመሳቢያው ውስጥ 6,650 ብር መገኘት አለበት። ሲቆጠር ግን የተገኘው 6,420 ብር ነው፤ 230 ብር ይጎድላል። እንዲህ ዓይነት ጉድለት ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ወሰደው?» ሳይሆን «የቱ ወረቀት ቀረ?» መሆን ይኖርበታል። በዚህ ምሳሌ የባለሱቁ ልጅ ከሰዓት በኋላ ለመሣሪያው የሚሆን የቴርማል ወረቀት ጥቅል ገዝታ ደረሰኙን በሽርጧ ኪስ ትታዋለች፤ ደረሰኙ ሲወጣ 200 ብር ዋጋና 30 ብር ታክስ፣ በድምሩ 230 ብር ይላል። 04 ተብሎ ፎቶ ይነሣና ሒሳቡ ይገጥማል። ያቺ ደረሰኝ እስከ ወሩ መጨረሻ በኪስ ብትቆይ ኖሮ ሽርጡ ከመታጠቡ ጋር አብራ ትጠፋ ነበር፤ ባለሱቁም 230 ብር የት እንደገባ ሳያውቅ ከመቅረቱ በላይ ሊቀነስለት የሚችለውን የ30 ብር ታክስ ያጣ ነበር።

በደብተሩ ላይ የዚያን ምሽት የሚጻፈው ስድስት መስመር ብቻ ነው፤ ከላይ ቀኑ፣ ከሥሩ አራቱ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው የምን እንደሆኑ፣ ስንትና በምን እንደተከፈለ ከሚገልጽ ጽሑፍ ጋር። በግርጌው በመሳቢያው የተቆጠረው 6,420 ብር ይጻፍና ገጹ ራሱ የምሽቱ የመጨረሻ ፎቶ ሆኖ ይነሣል። የሒሳብ ሠራተኛው በስተኋላ ይህን አንድ ፎቶ ሲያይ ከዚያ ምሽት አራት ቁጥር መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል፤ 03 ጠፍቶ 04 ካገኘ የጎደለውን በስም ለይቶ መጠየቅ ይችላል። በዚያ ዕለት በሽያጭ የተሰበሰበው ታክስ 1,200 ብር፣ በግዢ የተከፈለው ደግሞ 1,500 እና 30 ተደምሮ 1,530 ብር መሆኑንም ከፎቶዎቹ ብቻ ማውጣት አያዳግተውም።

ስለ ቴሌብርና ስለ ባንክ ማስተላለፊያ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ደምበኛው በስልኩ የሚያሳየው የክፍያ ማረጋገጫ ማስረጃ አይደለም፤ ባለሱቁ የሚመዘግበውና የስክሪን ፎቶ የሚያነሣው በራሱ ስልክ ወይም በራሱ ሒሳብ የገባውን መልእክት ብቻ ነው።

አቀማመጥና ርክክብ

ፎቶዎቹ በስልኩ ላይ በወሩ አቃፊ ውስጥ ከገቡ በኋላ በዚያው ምሽት በሁለተኛ ቦታ መቀመጥ አለባቸው፤ ሱቁ ውስጥ ያለ ስልክ ሊሰረቅ፣ ሊወድቅ ወይም ውኃ ሊገባበት ይችላል። ብዙ ባለሱቅ በቀላሉ የሚያገኘው መንገድ ቴሌግራም ውስጥ ያለው Saved Messages የተባለው የግል ማስቀመጫ ነው። ሆኖም ፎቶው በተለመደው መንገድ ከተላከ ቴሌግራም መጠኑን ስለሚቀንሰው የደረሰኙ ጥቃቅን ፊደላት ይደበዝዛሉ፤ ስለዚህ ምስሉ File በሚለው አማራጭ፣ በፋይል መልክ፣ መላክ ይኖርበታል። ጉግል ድራይቭ የሚጠቀምም በውስጡ ያለውን የሰነድ ማንሻ ቢጠቀም ወረቀቱን ከጠርዙ ቆርጦ፣ አቃንቶ ያስቀምጥለታል። ለኢንተርኔት ጥቅል ማውጣት የማይፈልግ ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ሜሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ገልብጦ ቤቱ ማስቀመጥ ይችላል፤ እስከዚያው ግን የሳምንቱ ፎቶ በአንድ ስልክ ላይ ብቻ እንዳለ ማወቅ አለበት። ቦታን በተመለከተ ስጋት አይኖርም፤ አንድ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆንና በምሽት 10 ፎቶ ቢነሣ፣ በ300 የሥራ ቀን የሚሞላው 9 ጊጋባይት ያህል ነው።

የደረሰኝ ፎቶ ከቤተሰብ ፎቶ ጋር ከተቀላቀለ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። በየምሽቱ የተነሡት ምስሎች ወዲያው ወደ ወሩ አቃፊ ይዛወሩ፤ ስልኩን የሚነካ ልጅ ካለም አቃፊው እንዳይጠፋ መቆለፍ ይሻላል። ከተቻለ ለሱቁ ብቻ የሚያገለግል፣ አሮጌም ቢሆን ካሜራው የሚሠራ ስልክ መመደብ ከሁሉም ይመረጣል።

ዋናዎቹ ወረቀቶች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ተደርድረው በወሩ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ይገባሉ። የፕላስቲክ ከረጢት ለቴርማል ወረቀት ስለማይስማማ የወረቀት ፖስታ ይመረጣል፤ ፖስታዎቹም ከምድጃ፣ ከመስኮት ፀሐይና ከሲሚንቶ ወለል እርጥበት ርቀው በካርቶን ውስጥ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ወር ሲያልቅ ለሒሳብ ሠራተኛው የሚሰጠው የፎቶ አቃፊው ነው፤ ዋናውን ፖስታ መውሰድ ካለበት ግን ባለሱቁ የደብተሩን ገጾች እያሳየ ስንት ወረቀት እንዳስረከበ አስፈርሞ ይሰጣል፣ ሲመለስም ቆጥሮ ይረከባል።

አሠራሩ በደንብ እየሄደ መሆኑን የሚያረጋግጥ አንድ ፈተና አለ። ባለሱቁ በወር አንድ ጊዜ ከደብተሩ ማናቸውንም አንድ መስመር መርጦ ፎቶውን በስልኩ፣ ዋናውን ወረቀት በፖስታው ይፈልግ፤ ሁለቱንም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካገኘ አሠራሩ ሠርቷል። ፎቶው ተገኝቶ ወረቀቱ ከጠፋ፣ በፎቶው ላይ ያለው የሻጩ ቲን ቁጥር፣ ኤፍኤስ ቁጥርና ቀን ሻጩ ሽያጩን ከራሱ መዝገብ ፈልጎ እንዲያገኝ ያስችሉታልና ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ሻጩ መሄድ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ተገኝቶ ፎቶው ካልተገኘ ግን በዚያው ሰዓት፣ ጽሑፉ ገና እየተነበበ፣ ፎቶውን አንሥቶ በቦታው ማስገባት ነው።

ይህን አሠራር መጀመር የሚፈልግ ባለሱቅ የወሩን መባቻ ወይም የግብር ዓመቱን መጀመሪያ መጠበቅ የለበትም። ያለፈው ክምር ለጊዜው በካርቶኑ ይቆይ፤ ዛሬ ማታ የዜድ ሪፖርቱን ከዘጋ በኋላ የዛሬዎቹን ደረሰኞች ብቻ ይዞ ከ01 ይጀምር።